በቃል የተነገረ ልጅነት ፍርድ ቤት ሲደርስ

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባቱ ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ እያወቀ፣ በሕግ ፊት ግን አባት የሌለው ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በእናቱ አባት ስም ይጠራል፤ አባት የተባለው ሰው በገበያ ቀን ስንቅ ያቀብለዋል፤ ለዓመት በዓል ልብስ ይገዛለታል። ነገሩ በዚህ መልኩ ያለ ክርክር ለዓመታት ይዘልቃል። ክርክሩ የሚነሣው አባትየው ሲሞት፣ ወይም ቀለብ ተጠይቆ «ልጄ አይደለም» ሲል ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ «ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ መውረስ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወራሽነትን መብት ልጁ በጋብቻ ውስጥ ወይም ከጋብቻ ውጭ ከመወለዱ ጋር አላቆራኘውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በገጠር ዛሬም የሚሰማው «ዲቃላ» የሚለው ቃል ከስድብነት ያለፈ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ፍርድ ቤት ላይ ፈተና የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ልጅ የዚህ ሰው ልጅ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የአማራ ክልል ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የአንቀጽ ቁጥር ሊለያይ ቢችልም ስለ አባትነት የሚከተሉት መሠረተ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው። አባትነት በሦስት መንገድ ይታወቃል። አንደኛው በሕግ ግምት ነው፤ ልጁ ሲፀነስ ወይም ሲወለድ ወንዱና ሴቲቱ በጋብቻ ወይም ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ከነበረ፣ ሰውየው አባት ነው ተብሎ ይወሰዳል። ሁለተኛው አባትየው ራሱ ልጅነቱን ሲቀበል ነው። ሦስተኛው ደግሞ በፍርድ ነው።

ከሦስቱ ሁለተኛው ቀላሉና ወጪ የሌለበት ነው። ይሁንና በገጠሩ በስሕተት የሚታወቀውም እሱ ነው። ስሕተቱ ምን ላይ እንደሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል።

የታመመው አባት ኑዛዜ

አንድ ገበሬ ሕጋዊ ሚስትና ከእርሷ የወለዳቸው ሦስት ልጆች አሉት እንበል። በአቅራቢያው ባለች ከተማ ጠላ እየጠመቀች ከምትተዳደር ሴት ደግሞ አንድ ልጅ ወልዷል፤ ልጁ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ገበሬው ከሴቲቱ ጋር አብሮ አልኖረም፤ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ጎራ ይላል፤ በአዝመራ ወቅት አንድ ኩንታል ጤፍ ያስጭንላታል፤ መስከረም ሲጠባ ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል። ሚስቱ ነገሩን ታውቃለች፤ አንሥታው ግን አታውቅም።

ሰውየው ታመመ። ሕመሙ ሲጠናበት የነፍስ አባቱንና ሦስት ሽማግሌዎችን አስጠርቶ «ከተማ ያለው ልጅ የእኔ ነው፤ ከወንድሞቹ እንዳትለዩት» አለ። ሁሉም ሰሙ። ሰውየው በሳምንቱ አረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ ሚስትየዋና ሦስቱ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ከወረዳ ፍርድ ቤት አወጡ፤ በማስረጃው ላይ የሰፈሩት ወራሾች ሦስት ብቻ ናቸው። የከተማዋ ሴት ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርጋ ፍርድ ቤት ቀረበች።

እዚህ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። ልጅነትን መቀበል ዋጋ የሚኖረው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። አባትየው «ልጄ ነው» ሲል የሰሙ ምስክሮች መቶ ቢሆኑም፣ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ከሌለ አባትየው ልጅነቱን ተቀብሏል ተብሎ በእነርሱ ቃል አይወሰንም። «ኑዛዜ ነው» ማለትም አያዋጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜን ያውቀዋል፤ ሆኖም በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገረው የቃል ኑዛዜ የሚያገለግለው ለተወሰኑ ነገሮች ነው፤ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየም፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ልጅነትን መቀበል ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ሕጉ እንዲህ ማለቱ ለሚሰማው ሰው ጭካኔ ይመስላል። ለሞት የቀረበ ሰው በንስሐ አባቱ ፊት የተናገረው ቃል በመንደሩ ዘንድ ከማናቸውም ወረቀት ይበልጣልና። ሕጉ ግን የሚያስበው ከሞት በኋላ ስለሚመጡት ሰዎች ነው። ሟች ተመልሶ ቃሉን ሊያስተካክል አይችልም፤ በሌለበት «እንዲህ ብሎ ነበር» የሚሉ ሰዎች ግን በሁለቱም ወገን ሊቆሙ ይችላሉ።

ታዲያ የሰባት ዓመቱ ልጅ ጉዳይ በዚሁ ያበቃል ማለት ነው? አያበቃም። እናቲቱ ወደ ፍርድ ቤት የሄደችው በተሳሳተው በር ነው እንጂ ሌሎች በሮች አሉ።

የመጀመሪያውን በር ብዙ ሰው አያውቀውም። አባት ከሞተ ወይም ፈቃዱን መግለጽ ከማይችልበት ሁኔታ ላይ ከደረሰ፣ ወላጆቹ፣ ማለትም የልጁ አያቶች፣ በእርሱ ስም ልጅነቱን መቀበል ይችላሉ። በምሳሌያችን የሟቹ አባት ቀድሞ የሞተ፣ እናቱ ግን በሕይወት ያሉ ከሆነ፣ እኚህ አሮጊት «የልጄ ልጅ ነው» ብለው በጽሑፍ ቢያረጋግጡና የልጁ እናት ብትስማማ፣ የሽማግሌዎቹ ምስክርነት ሊያደርገው ያልቻለውን የእርሳቸው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያደርገዋል። ፈተናው ሌላ ነው። አሮጊቷ የሚኖሩት ከሟቹ ሚስትና ከሦስቱ ልጆች ጋር ሊሆን ይችላል፤ የሚጦሯቸውም እነርሱ ናቸው። ከቤተሰቡ ጋር ሳይቀያየሙ ይህን ለማድረግ ሽማግሌ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤት ቆመው ከሚመሰክሩ ይልቅ አያትየዋን ቢያነጋግሩ ለልጁ ይበልጥ ይጠቅሙት ነበር።

ሁለተኛው በር የፍርድ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸውን ሁኔታዎች ቆጥሮ አስቀምጧል። በፀነሰችበት ጊዜ እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ፤ በሥልጣን መከታ፣ በጋብቻ ተስፋ ወይም በመሳሰለው ማታለያ ተደልላ ከሆነ፤ አባት ነው የተባለው ሰው የጻፈውና አባትነቱን በማያሻማ መንገድ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካለ፤ በእርግዝናው ወቅት ሁለቱ ሕጋዊ ግንኙነት ባይኖራቸውም ያልተቋረጠ ግንኙነት እየነበራቸው አብረው ኖረው ከሆነ፤ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግ፣ እንክብካቤ ወይም ቀለብ ተካፍሎ ከሆነ።

ለእኛ ምሳሌ የሚሆነው የመጨረሻው ነው። በየዓመቱ የተጫነው ኩንታል ጤፍ፣ የተገዛው የደንብ ልብስ፣ ልጁ ሲታመም የተከፈለው የጤና ጣቢያ ሂሳብ አሁን ትርጉም ያገኛሉ። ጤፉን የጫነው ባለ ጋሪ፣ ልብሱን የሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ሰውየው ለወላጆች ስብሰባ መጥቶ በአባትነት ሲፈርም ያየ መምህር፣ ክርስትና ሲነሣ በአባትነት መቆሙን የሚያውቅ የክርስትና አባት፣ በቴሌብር የተላከ ገንዘብ መዝገብ፤ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። ልብ መባል ያለበት «እንደ አባት ሆኖ» የሚለው ቃል ነው። ተከሳሽ ወገን «ለድኻ ጎረቤት እንደሚደረገው ረዳት እንጂ አባት ሆኖ አልሰጠም» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ስለዚህ የተሰጠው መጠን ሳይሆን የተሰጠበት አኳኋን ይመዘናል። አንድ ጊዜ ከተሰጠ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ በየመስከረሙ ለትምህርት ቤት የተከፈለ ትንሽ ገንዘብ ይበልጥ ይናገራል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሕጉ «የልጅነት ሁኔታ» የሚለው ነገር አለ። የልደት መዝገብ በሌለበት፣ አንድ ልጅ በዘመድም በአካባቢውም ሰው ዘንድ የእገሌ ልጅ ተብሎ የሚታወቅና እንደ ልጅም የሚታይ ከሆነ፣ ይህ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። የሽማግሌዎቹና የነፍስ አባቱ ቃል ቦታ የሚያገኘው በዚህ ነው። «ልጅነቱን ተቀበለ» ለማለት የማይበቃው ንግግር፣ «እንደ ልጁ ያየው ነበር» ለማለት ግን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ተደምሮ ይረዳል። አንድ ምስክርነት በአንዱ በር ሲገባ ዋጋ አጥቶ በሌላው ሲገባ ዋጋ የሚያገኝ መሆኑን ባለማወቅ ብቻ የሚወድቁ ክሶች አሉ።

የዘረ መል ምርመራን በተመለከተ፣ ሕጉ አባት ነው የተባለው ሰው በደም ምርመራ ወይም በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ አባት ሊሆን እንደማይችል ካስረዳ ክሱ ውድቅ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለሆነም ምርመራው ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ በሐሰት የተከሰሰን ሰውም ያድናል። በወረዳ ከተማ የሚገኝ አገልግሎት አለመሆኑና ወጪው ግን አብዛኛውን ክርክር ወደ ምስክርና ወደ ሰነድ ይመልሰዋል።

ቀለብ፦ አባት በሕይወት ሳለ

በምሳሌው ውስጥ እናቲቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀለብ አልጠየቀችም። «የሚሰጠኝን ከሰጠኝ ምን አከራከረኝ» ብላ ነው። ውሳኔዋ ለቤተሰብ ሰላም ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ልጁን ግን ጎድቶታል። የቀለብ ክስ ሲቀርብ ሰውየው «ልጄ ነው» ወይም «ልጄ አይደለም» ማለት ግድ ይሆንበታል። ልጄ ነው ካለ በመዝገብ ይሰፍራል፤ አይደለም ካለ ደግሞ ጉዳዩ እርሱ በሕይወት እያለ፣ ምስክሮችም ሳይርቁ ይጣራል። የቀለብ ጥያቄ ከጤፍና ከጫማ ባሻገር የአባትነትን ጥያቄ በጊዜው የሚያስፈታ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የቀለቡን መጠን በተመለከተ በአገራችን ሕግ የተወሰነ ተመን ወይም ከደመወዝ ይህን ያህል እጅ የሚል ስሌት የለም። ዳኛው ሁለት ነገሮችን ያመዛዝናል፤ ልጁ የሚያስፈልገውንና ከፋዩ ያለውን አቅም። የሚያስፈልገው ሲባል ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም ይገባሉ። እናቲቱ ለልጁ ምግብ በወር 1,500 ብር፣ ለቤት ኪራይ ድርሻ 500፣ ለልብስና ለትምህርት 300፣ ለሕክምና 200፣ በድምሩ 2,500 ብር ያስፈልጋል ብላ ብታቀርብ፣ ሁሉም በአባት ላይ ይወድቃል ማለት አይደለም። የማሳደግ ግዴታው የሁለቱም ነው፤ የእናቲቱ ጉልበትና እንክብካቤም ከመዋጮዋ ይቆጠራል።

ደመወዝተኛ ላይ የተወሰነ ቀለብ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። ገበሬ ላይ ሲወሰን ግን አንድ ችግር አለ፤ ገንዘብ የሚያገኘው በወር በወር አይደለም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ለአብዛኛው ገበሬ የእጦት ወቅት ነው፤ ገንዘብ የሚይዘው ከታኅሣሥ በኋላ፣ ምርቱ ከአውድማ ሲወርድ ነው። በወር እንዲከፈል ብቻ የተወሰነ ቀለብ በነሐሴ ሲቋረጥ፣ ገበሬው አመፀኛ ይመስላል፤ እናቲቱም አፈጻጸም ፍለጋ ትመላለሳለች። ስለዚህ ተከራካሪዎች ከዓመቱ ቀለብ አብዛኛው በጥርና በየካቲት፣ ቀሪው ደግሞ ትንሽ በትንሽ እንዲከፈል ተስማምተው ስምምነቱን በፍርድ ቤት ቢያስጸድቁት የተሻለ ይሆናል። መጽደቁ ዋና ነገር ነው፤ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተደረገ ስምምነት ቢጣስ ወደ አፈጻጸም አይኬድበትም፤ ክሱ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የተወሰነው መጠንም ለዘላለም የታሰረ አይደለም፤ የልጁ ፍላጎት ወይም የአባት አቅም ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ከአቅም ማነስ ሳይሆን በእምቢተኝነት ቀለብ መከልከል ደግሞ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል።

በሽማግሌ ስምምነት ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ለእናቲቱ አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ተሰጥቷት «ከእንግዲህ በልጁ ስም ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ትፈርማለች። ይህ ወረቀት እናቲቱን ያስፈራታል እንጂ የልጁን መብት አያጠፋም። ልጅነት ወላጆች በውል የሚሸጡት ወይም የሚለውጡት ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ልጅነትን መቀበል የአንድ ወገን ሥልጣን እንዳይሆን ሕጉ ልጓም አበጅቶለታል። ሰውየው «ልጄ ነው» ስላለ ብቻ አይጸናለትም፤ የልጁ እናት እውነት ነው ብላ መቀበል አለባት። ልጁ አካለ መጠን ከደረሰ ደግሞ የሚቀበለው ራሱ ነው። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዞር ብሎ ያላያት ሰው፣ አድጋ ዐረብ አገር ሄዳ ገንዘብ መላክ ስትጀምር «አባትሽ ነኝ» ብሎ ቢመጣ፣ መቀበል ወይም አለመቀበል የእርሷ ፈቃድ ነው ማለት ነው። ሕጉ እንዲህ የሚጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባትነት ከተረጋገጠ ግዴታው ወደ ኋላም ይመለሳል፤ የተቸገረ አባትም ልጁን ቀለብ ሊጠይቅ ይችላል። እናቲቱ ልጁን በፀነሰችበት ጊዜ ሌላ ባል ካላት ደግሞ ሕጉ አባት የሚያደርገው ባሏን ነው፤ ይህ ግምት በሕግ አግባብ ሳይፈርስ ሌላ ሰው ልጅነቱን መቀበል አይችልም።

በሕጉ መሠረት የተደረገ መቀበል ከተፈጸመ በኋላ «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» ማለት የለም። ተገድጄ ነው የሚል ሰው እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ተሳስቼ ወይም ተታልዬ ነው የሚል ግን ልጁ ከእርሱ ሊፀነስ የማይችል መሆኑን አጥብቆ ማስረዳት አለበት። በቁጣም በይሉኝታም የማይፈረም ወረቀት ነው።

ውርሱ ሲሰላ

ወደ ምሳሌው እንመለስ። አያትየዋ ፈርመው ወይም ፍርድ ቤቱ አባትነቱን አውጆ ልጁ አራተኛ ወራሽ ሆነ እንበል። የሟቹ ሚስት በመጀመሪያ የምትፈራው «ያቺ ሴት ቤቴን ልትወርስ ነው» ብላ ነው። የከተማዋ ሴት ምንም አትወርስም። የሚወርሰው ልጁ ነው፤ እርሷ አካለ መጠን እስኪደርስ ድርሻውን በሞግዚትነት ትጠብቅለታለች እንጂ የራሷ አታደርገውም። ሁለተኛው ፍርሃት የሚስትየዋ ድርሻ ይቀንሳል የሚለው ነው። ይህም ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም የሚስት ግማሽ ከውርስ አይደለም የሚመጣው፣ የጋራ ሀብት ድርሻዋ ነው።

ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት 400,000 ብር፣ ከብቱና እህሉ 160,000 ብር ይገመታል እንበል፤ በድምሩ 560,000 ብር ነው። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለማዳበሪያ የተበደሩት 20,000 ብር የጋራ ዕዳ አለ። ዕዳው ሲከፈል 540,000 ብር ይቀራል። ግማሹ፣ 270,000 ብር፣ የሚስት ነው፤ ልጁ ኖረም አልኖረም አይነካም። ቀሪው 270,000 ብር የሟች ውርስ ሲሆን፣ የቀብር ወጪው በዕድር ተሸፍኗል ብንል ልጆች እኩል ይካፈሉታል። ሦስት ቢሆኑ ለእያንዳንዱ 90,000 ብር ይደርሰው ነበር፤ አራት ሲሆኑ 67,500 ብር ይደርሳቸዋል። በጋብቻ የተወለደው ሦስቱን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደው አንዱን የሚያስብል ስሌት የለም። ለተዝካር የታረደው በሬና የተጠመቀው ጠላም በሕጉ ከቀብር ወጪ ስለማይቆጠር፣ «ለተዝካሩ አላዋጣህም» ተብሎ ከልጁ ድርሻ አይቀነስም።

አባት በሕይወቱ ሳለ ይህን ልጅ ከውርስ መንቀል ይችላል ወይ? እንደማንኛውም ልጁ ይችላል፤ ግን በኑዛዜ በግልጽ መንቀሉንና ምክንያቱን መጻፍ አለበት። በኑዛዜው ውስጥ ስሙን ሳያነሣ ማለፉ መንቀል ተብሎ አይቆጠርም።

ሦስት ወራሾች ብቻ የተጻፉበት የወራሽነት ማስረጃ መውጣቱም የመጨረሻ ቃል አይደለም። የወራሽነት ማስረጃ ፍርድ ቤት በቀረበለት መረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ስለሆነ፣ ሌላ ወራሽ ሲገኝ እንዲሰረዝ ወይም እንዲስተካከል ይጠየቃል። ጊዜው ግን ይቆጠራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት፣ ወራሽነት እንዲታወቅለትና ንብረት እንዲመለስለት የሚጠይቅ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። «ልጁ ይደግና ራሱ ይጠይቃል» እያሉ መዘግየት ከብቱ ተሸጦ፣ ቤቱ ስም ተዛውሮ፣ ምስክሮቹም አርጅተው እንዲጠብቁት ማድረግ ነው። የዳኝነት መክፈል የማትችል እናት በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ትችላለች፤ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ክስ ይጽፋሉ።

የገጠር መሬት በዚህ ስሌት ውስጥ ሆን ተብሎ አልገባም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፤ የሚተላለፈውም በመሬት አስተዳደር ሕጎች እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የእኩል ክፍፍል ብቻ አይደለም። በእነዚህ ሕጎች መሬት ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይሸነሸን ክልከላ አለ፤ ሟቹ አንድ ጥማድ መሬት ብቻ ኖሮት ወራሾቹ አራት ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ድንበር አካልሎ ይወስዳል ማለት አይደለም፤ በጋራ መያዝ ወይም ምርቱን መካፈል ሊመጣ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሚስትም ስም ካለ የእርሷ ድርሻ እዚህም የተለየ ነው። ይሁን እንጂ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ የልጅነት ማስረጃ አምጣ።

ሰውየው ጤነኛ ሳለ ቢያስብበት ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ጉዞ የሚያልቅ ነበር። ልጅነትን መቀበል በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርቦ በሚሰጥ ቃል፣ በኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ይፈጸማል። ልጅ ሳይወለድ፣ ገና በማሕፀን ሳለም ቢሆን መቀበል ይቻላል። ኑዛዜውን ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ራሱ በእጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስፍሮ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ሊያኖርበት ይችላል፤ የማይችል ደግሞ በአራት ምስክሮች ፊት አስጽፎ፣ በፊታቸው ተነቦ፣ እርሱም እነርሱም ይፈርማሉ። በምሳሌው ውስጥ በታማሚው ዙሪያ የነፍስ አባቱና ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ቢኖር ኖሮ የምስክሮቹ ቁጥር አልጎደለም ነበር።

በአገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ እየተከናወነ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ልጅነትን መቀበልና አባትነትን የሚያውጅ ፍርድም እንዲሁ በመዝገቡ ይሰፍራሉ። ከጋብቻ ውጭ የወለደች እናት «አባት ካልመጣ አይመዘገብም» ብላ ልጇን ሳታስመዘግብ መቆየት የለባትም፤ ልጁ በእርሷ ይመዘገባል፤ አባትየው ልጅነቱን ሲቀበል ወይም ፍርድ ቤት ሲወስን መዝገቡ ይታረማል። የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤት ወስዶ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ግን በቂ አይደለም፤ ወደ ቀበሌው መዝገብ መድረስ አለበት። ትምህርት ቤቱ፣ መሬት አስተዳደሩና ባንኩ ኋላ የሚጠይቁት የልደት ምስክር ወረቀቱን ነውና።